የሰው ቃል በጽሑፍ ውስጥ፦ መቼ ይጠቀሳል፣ መቼ በራስ ቃል ይነገራል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ስለ 1966ቱ የወሎ ረሃብ የሚጽፍ የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሽማግሌ ቃለ መጠይቅ ይዞ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው የተቀዳውን ሁሉ እንዳለ ጽሑፉ ላይ ሲያፈሰው ነው።

ለምሳሌ አንድ የሐይቅ አካባቢ ገበሬ እንዲህ አሉ እንበል፦ «የበልጉ ዝናብ ቀረብን። በሬዬን በሁለት ቁና ማሽላ ለወጥኩት። እሱን ስሰጥ እርሻውንም አብሬ ሰጠሁ።» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መረጃ ናቸው፤ ማንም በሌላ አነጋገር ቢላቸው የሚጎድል ነገር የለም፣ ስለዚህ በራስ ቃል ይነገራሉ። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። ያለ በሬ መጪውን ክረምት ማረስ እንደማይቻል፣ የዛሬው ረሃብ የነገውን አዝመራ እንደሚበላ ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ተናግረውታል። እሱ ይጠቀሳል።

ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ ገበሬው የበልግ ዝናብ እንደቀረባቸውና በሬያቸውን በማሽላ እንደለወጡ ካስረዱ በኋላ፣ «እሱን ስሰጥ እርሻውንም አብሬ ሰጠሁ» ይላሉ። ከዚያ ጸሐፊው የራሱን ትንታኔ ይቀጥላል። ጥቅሱን ጥሎ ወደ ሌላ አንቀጽ የሚሮጥ ግን ሥራውን ለአንባቢ እየተወ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አምስት መስመር ጥቅስ ጀምሮ «ሲሉ ተናግረዋል» እስኪል ድረስ አንባቢው ማን እየተናገረ እንደሆነ አያውቅም። ጥቅሱ ረዘም ካለ ተናጋሪውን ከፊት አምጥቶ «ገበሬው ሲያስታውሱ» ብሎ መጀመር ይሻላል።

ሌላው ጣጣ «እኔ» የሚለው ነገር ነው። «በሬዬን ለወጥኩ ብለዋል» የሚለው ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተጻፈ የእሳቸው ቃል ይሁን የጸሐፊው አይለይም። በንግግር ችግር የለውም፣ ድምፅ ይለየዋል፤ በወረቀት ግን ወይ ምልክቱን ማድረግ ነው፣ ወይ «በሬያቸውን መለወጣቸውን» ብሎ ወደ ሦስተኛ ሰው ማዞር። ግማሽ በግማሽ ሲሆን በጣም ይከፋል፦ ገበሬው «በሬዬን በሁለት ቁና ማሽላ» መለወጣቸውን ገልጸዋል። በሬው የማን ነው? እዚህ ጋ «በሬዬን» የሚለውን ከጥቅሱ አውጥቶ፣ በሬያቸውን «በሁለት ቁና ማሽላ» መለወጣቸውን ማለት ይበቃል።

አስተዋዋቂው ግስም ቀላል አይደለም። «አመኑ» ከተባለ ሽማግሌው ጥፋት የደበቁ ይመስላል፤ «ተከራከሩ» ከተባለ ደግሞ ተቃዋሚ ያለ ይመስላል። ባይሆን «አሉ» የሚባለው ተራ ግስ ይሻላል፣ ቢደጋገምም።

በራስ ቃል መናገር ማለት «ለወጥኩት»ን በ«ሸጥኩት» ተክቶ የዓረፍተ ነገሩን ቅርጽ እንዳለ መገልበጥ አይደለም። ቅጂውን ዘግቶ የገባህን መጻፍ፣ ከዚያ ከቅጂው ጋር ማመሳከር ነው። ቃሉ የራስህ ቢሆንም ነገሩ የእሳቸው ነውና፣ ከማን፣ የትና መቼ እንደተሰማ በግርጌ ማስታወሻ ይገባል።