የሙከራ ፈተና ሲታረም ደካማው ርዕስ የሚለየው እንዴት ነው?

«ዝቅተኛ መቶኛ ያገኘሁበት ርዕስ ደካማው ርዕሴ ነው።»

መቶኛው ከስንት ጥያቄ እንደወጣ ሳይታይ እንዲህ መደምደም ያሳስታል። ለነርስነት የሙያ ፈቃድ የምትዘጋጅ አንዲት ተፈታኝ 100 ጥያቄዎች ካሉት የሙከራ ፈተና 68ቱን በትክክል መለሰች እንበል፦ ከአዋቂዎች ሕክምና 40 ጥያቄዎች 26፣ ከእናቶችና ሕፃናት 30 ጥያቄዎች 22፣ ከመድኃኒት አሰጣጥ 26 ጥያቄዎች 18፣ ከሙያ ሥነ ምግባር ደግሞ ከ4 ጥያቄዎች 2። ሥነ ምግባር 50 በመቶ ሆኖ ከሁሉም በታች ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጨምር ኖሮ 75 በመቶ ሆኖ ከሁሉም በላይ ይወጣ ነበር። አንድ ጥያቄ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ የሚያወጣው ርዕስ ስለ ተፈታኟ ዕውቀት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከሌሎች ሙከራዎች የተገኙ የዚያው ርዕስ ጥያቄዎች እስኪደመሩበት ድረስ ፍርዱን ማቆየት ይገባል። ከመቶኛው ጎን ለጎን የጠፋው የነጥብ ብዛትም መጻፍ አለበት፤ በአዋቂዎች ሕክምና 14 ነጥብ ጠፍቷል፣ በሥነ ምግባር ግን 2 ብቻ።

«በትክክል የመለስኩትን አውቀዋለሁ፤ የምከልሰው የሳትኩትን ብቻ ነው።»

አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በግምት ከአራት አንዱን ያገኛል፤ ሁለቱን ምርጫዎች መጣል የቻለ ደግሞ ከሁለት አንዱን። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ጥያቄ በፈተናው ሰዓት፣ መልሱን ከማየት በፊት፣ በምልክት መለየት የግድ ነው፤ መልሱ ከታየ በኋላ ሁሉም ነገር ቀድሞ የታወቀ ይመስላልና። ተፈታኟ በመድኃኒት አሰጣጥ ካገኘቻቸው 18 መልሶች 8ቱ ምልክት አለባቸው፤ በእርግጠኝነት የመለሰችው 10 ብቻ፣ ማለትም ከ26ቱ 38 በመቶ ያህል ነው። በአዋቂዎች ሕክምና ምልክት ያለባቸው 3 ብቻ ስለሆኑ 23ቱን፣ ከ40ው 58 በመቶ ያህሉን፣ አውቃ መልሳለች። በጥሬው ውጤት ከአዋቂዎች ሕክምና የተሻለ መስሎ የነበረው መድኃኒት አሰጣጥ አሁን ወደ ታች ወረደ። በእኔ እምነት ከማንኛውም የእርማት ሥራ ይልቅ ጠቃሚው ይህ ነው።

«የተሳሳትኩት ሁሉ ርዕሱን ባለማጥናቴ ነው።»

በአዋቂዎች ሕክምና ከተሳሳተቻቸው 14 ጥያቄዎች ስድስቱ «በስተቀር» ወይም «በቅድሚያ» የሚለውን ቃል ዘልላ የሳተቻቸው ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለው ስህተት የሚታወቅበት መንገድ ግልጽ ነው፦ ጥያቄውን ዳግም በጥንቃቄ ስታነበው ማብራሪያ ሳታይ ትመልሰዋለች። ለእነዚህ ስድስቱ ምዕራፉን እንደገና ማንበብ አይረዳም፤ የሚረዳው ጥያቄው በትክክል ምን እንደጠየቀ ለይቶ ከዚያ ወደ ምርጫዎቹ መሄድ ነው።

«ያንኑ ፈተና ደግሜ ብወስድ መሻሻሌን አውቃለሁ።»

በሁለተኛው ጊዜ የሚጨምረው ነጥብ በከፊል መልሱን ከማስታወስ የመጣ ነው። መድኃኒት አሰጣጥን ከከለሰች በኋላ ራሷን መመዘን ያለባት ከዚህ በፊት ባላየቻቸው የዚያው ርዕስ ጥያቄዎች ነው፤ ያን ጊዜም እርግጠኛ ያልሆነችባቸውን በምልክት እየለየች።