የቤት ሥራና የፈተና ውጤት «ተዛምዶ» ምንድን ነው?

ጎንደር ላይ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ያስጠናል። ባለፈው አዘዞ ቡና ስንጠጣ ደብተሩን ከፍቶ፣ «የቤት ሥራቸውና የፈተናቸው ተዛምዶ 0.96 ወጣ፤ እንግዲህ የቤት ሥራውን እጥፍ ማድረግ ነው» አለኝ።

ተዛምዶ ሁለት ልኬቶች ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ በአንድ ቁጥር ይናገራል። በቤት ሥራ ከአማካይ በላይ የሆነው ልጅ በፈተናም ከአማካይ በላይ፣ በታች የሆነውም በታች ሲሆን ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል። ነገሩ ሲገለበጥ ወደ -1 ይወርዳል። አብሮ መሄድ ከሌለ በ0 አካባቢ ይቀራል። ኤክሴል ላይ የሚጻፈው ይህ ብቻ ነው፦

```
=CORREL(B2:B6,C2:C6)
```

ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። የቤት ሥራው ከ10፣ ፈተናው ከ40 ነው። አንዷ 7 እና 30፣ ሁለተኛው 9 እና 30፣ ሦስተኛው 8 እና 26፣ አራተኛዋ 8 እና 34 አላቸው። አምስተኛው ልጅ 0 እና 0! ምን ሆኖ ነው ብለው፣ ለአጨዳ ወደ ደምቢያ ሄዶ እንደቀረ ነገረኝ። የቤት ሥራም አልሠራም፣ ፈተናም አልተቀመጠም። ባዶ መተው የነበረበት ቦታ ላይ ዜሮ ተጽፏል።

ያንን ልጅ አውጥተን እንደገና አሰላነው። 0 ወጣ፤ ድፍን ዜሮ። በቤት ሥራ 7 ያመጣችውና 9 ያመጣው ፈተናው ላይ እኩል 30 ናቸው፤ እኩል 8 ያላቸው ሁለቱ ደግሞ በስምንት ነጥብ ይራራቃሉ። ያ 0.96 የልፋት ሳይሆን የአንድ ልጅ መቅረት ነበር። ቁጥሩን ከማስላት በፊት ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ማስፈር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ አራቱ በአንድ በኩል ተሰብስበው፣ አንዱ ጥግ ላይ ብቻውን ቆሞ ወዲያው ይታያል።

ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ ማንም ሳይቀር፣ ቁጥሩ በእውነት 0.6 ቢወጣስ? ያኔም የቤት ሥራው ፈተናውን አሻሻለ ማለት አይደለም። ማታ መብራት ያለው፣ ውኃ እንዲቀዳ የማይላክ፣ ታላቅ እህቱ የምታስረዳው ልጅ ሁለቱንም ጥሩ ይሠራል። የቤት ሥራውን ብንሰርዝበትም ፈተናውን ደህና ሊሠራ ይችላል። በሌላ በኩል ጠዋት በር ላይ ደብተር እየተቀባበሉ የሚገለብጡ ልጆች ሁሉም 9 እና 10 ስለሚያመጡ ተዛምዶው ይደክማል፤ ይህም የቤት ሥራ ከንቱ መሆኑን አያሳይም።

ወዳጄ የጠየቀውን የሚመልሰው ዕጣ ነው፦ ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ብቻ የቤት ሥራውን ማብዛት፣ ከዚያ ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ፈተና ማወዳደር። አራት ልጅ ግን ለዚህ አይበቃም።