ክንፍ ከውጭ፣ ክንፍ ከውስጥ፦ የፌንጣና የቢራቢሮ የዕድገት ለውጥ

ነፍሳት ከእንቁላል ወጥተው ክንፍ እስኪያወጡ የሚሄዱበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። አንዱ ሙሉ ለውጥ ይባላል፤ ቢራቢሮ፣ ንብ፣ ዝንብና ጢንዚዛ በዚህ ያድጋሉ። ሌላው ያልተሟላ ለውጥ ነው፤ ፌንጣ፣ በረሮና ትኋን የዚህ ወገን ናቸው። ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል፦ ቢራቢሮ አራት ደረጃ፣ ፌንጣ ሦስት ደረጃ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን ብዙ አይነግርም። ቁም ነገሩ ክንፉ የሚያድግበት ቦታ ላይ ነው። የፌንጣ ክንፍ ጀርባዋ ላይ፣ ዓይናችን እያየ ያድጋል። የቢራቢሮ ክንፍ ግን በአባጨጓሬው ቆዳ ስር ተደብቆ ይቆያል።

እዚህ የምናነጻጽረው አገራችን ውስጥ የሚገኙ ሁለት ዝርያዎችን ነው፦ የበረሃ አንበጣንና የሎሚ ቢራቢሮን። አንበጣ የፌንጣ ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ፌንጣ ነው። ቁጥሩ በዝቶ ሲጨናነቅ ቀለሙም ጠባዩም ተቀይሮ በመንጋ የሚሄድ ፌንጣ ነው። ስለ እሱ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ የእሱ ክፍል ይረዝማል።

ኩብኩባ

እናቲቱ የሆዷን ጫፍ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትሰድና 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እንቁላሎቿን ትጥላለች። በመንጋ ያለች ከሆነ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከ80 በታች ነው። ከላይ ያለውን ቀዳዳ በአረፋ ትደፍነዋለች። አሸዋው ደረቅ ከሆነ እንቁላሎቹ አይፈለፈሉም፤ ከአፈሩ ውኃ መምጠጥ አለባቸው። አንበጣ ዝናብን ተከትሎ የሚፈላውም ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ከተስማማ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ። የሚወጣው ነገር መጀመሪያ ትል ይመስላል። እግሮቹ ሰውነቱ ላይ ተጣብቀው በስስ ሽፋን ተጠቅልለዋል። በአረፋው ውስጥ እየተጥመለመለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአፈር ብቅ ሲል ሽፋኑን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ፌንጣ ነው። ጭንቅላቱ፣ መንጋጋው፣ የሚዘልበት የኋላ እግሩ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። የቀረው ክንፍ ብቻ ነው።

ገበሬው ለዚህ ዕድሜ የራሱን ስም አውጥቶለታል፦ ኩብኩባ። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ፣ የሚበረው አንበጣ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በትንቢተ ኢዩኤል ሁለቱን በየስማቸው ይጠራቸዋል። የነፍሳት ተመራማሪዎች ኒምፍ የሚሉትን ደረጃ ገበሬያችን እርሻው ላይ ቆሞ ቀድሞ ለይቶታል ማለት ነው።

የነፍሳት ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ እንደኛ አብሮ አያድግም። ስለዚህ ኩብኩባው እየጠበበው ሲሄድ ቆዳውን ይጥላል፤ በመንጋ ያለው አምስት ጊዜ ይጥላል። ይህ ሁሉ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ቆዳውን ከጣለ በኋላ ከትከሻው በኩል ትንንሽ ቅጠል የመሰሉ ክንፎች ብቅ ይላሉ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሲጥል ይረዝማሉ።

የመጨረሻው ቆዳ መጣል ቁጭ ብሎ ማየት የሚያስቆጭ አይደለም። ኩብኩባው ቅርንጫፍ ላይ ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ጀርባው ላይ ቆዳው ይሰነጠቅና መጀመሪያ ጀርባው፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ እግሮቹ ይወጣሉ። ክንፎቹ እንደታጨቀ ነጠላ የተጨማደዱ ናቸው። ደሙን ወደ ክንፉ ሥሮች ሲገፋ ቀስ በቀስ ይዘረጋሉ። ረጅም ለመብረር ግን ክንፉ እስኪጠነክር ቀናት ያስፈልጉታል።

መከላከል የሚቀለው ክንፍ ሳያወጣ ነው። ኩብኩባ በእግሩ ስለሚሄድ ከመሬት ሆኖ መርጨት ይቻላል። ክንፍ ካወጣ በኋላ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም. እንዳየነውም አውሮፕላን ካልተጨመረ አይቻልም። አዲስ ቆዳ እንዳይሠራ የሚያግዱ መድኃኒቶችም ለኩብኩባ እንጂ ለአንበጣ አይሆኑም። ክንፍ ያወጣ አንበጣ ከእንግዲህ ቆዳ አይጥልምና።

አንድ መለያ ይታወቅ። ክንፏ አጭር የሆነች ፌንጣ ሁሉ ልጅ አይደለችም፤ ጎልምሳም ክንፏ አጭር ሆኖ የሚቀር ዝርያ አለ። ሁለቱን ለመለየት የክንፎቹን አደራረብ ማየት ነው። አድጎ ያልጨረሰ ትልቅ ኩብኩባ ላይ የኋለኛው ክንፍ በፊተኛው ላይ ይደረባል። በጎልማሳ ግን ፊተኛው ነው ኋለኛውን የሚሸፍነው።

የሎሚ ቢራቢሮ

ግቢው ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሰው ይህችን ቢራቢሮ ሳያውቃት አይቀርም። ጥቁር ሆና ቢጫ ነጠብጣብ አላት። እንቁላሏን ለጋ ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቁርጥ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍም ንቃው ታልፈዋለች። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ሲነኩት ከጭንቅላቱ ኋላ ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥቶ ክፉ ሽታ ይለቃል።

አባጨጓሬው ከእናቱ ጋር ምንም አይመሳሰልም። እሱ ቅጠል ያኝካል፤ እሷ በተጠቀለለ ቱቦ አበባ ትጠጣለች። ስለዚህ ሎሚውን የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው። ኩብኩባና አንበጣ ግን ሁለቱም አንድ ማሳ ላይ ያኝካሉ።

አባጨጓሬው ሲጠግብ በአፉ ክር ሠርቶ ወገቡን ከቅርንጫፍ ጋር ያስራል፤ ከዚያ ቆዳውን ይጥላል። ከስር የሚገኘው ፑፓ ነው፤ አይበላም፣ አይራመድም። እንደቆመበት ቦታ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። ብዙ ቦታ ፑፓው ውስጥ ሁሉም ነገር ሾርባ ይሆናል ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስህተት ነው። ብዙ ጡንቻና ሌላ አካል ይፈርሳል፤ የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ግን ይቀራሉ። የክንፍ ጅማሬዎቹም አባጨጓሬው ውስጥ ሳሉ የተዘጋጁ ናቸው። ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም በ17ኛው ክፍለ ዘመን አባጨጓሬ ከፍቶ ከቆዳው ስር የታጠፈ ክንፍ አሳይቷል።

ቢራቢሮዋ ልትወጣ ስትል ፑፓው ይጠቁርና የክንፏ ቀለም ከውስጥ ይታያል። ቀለም ሳይታይ ቀርቶ ፑፓው ላይ ክብ ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ ጥገኛ ተርብ ውስጡን በልታ ወጥታለች። ወጥታ የምትንጠለጠልበት ያጣች ቢራቢሮ ደግሞ ክንፏ እንደተጨማደደ ይደርቅና መብረር ሳትችል ትቀራለች።

ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

ሁለቱንም የሚያዙት እነዚያው ሆርሞኖች ናቸው። ኤክዳይሶን «ቆዳህን ጣል» ይላል። ሌላው ሆርሞን «ገና ልጅ ነህ» ይላል። እሱ እስካለ ድረስ ኩብኩባው ኩብኩባ፣ አባጨጓሬውም አባጨጓሬ ሆኖ ይቀጥላል። ሲጠፋ ኩብኩባው በአንድ ዝላይ አንበጣ ይሆናል፤ አባጨጓሬው ግን መጀመሪያ ፑፓ፣ ቀጥሎ ቢራቢሮ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጀርመን ውስጥ ቡተናንትና ካርልሰን 25 ሚሊግራም ኤክዳይሶን ለማግኘት 500 ኪሎ የሐር ትል ፑፓ ፈጅተዋል።

ሙሉ ለውጥ ካልተሟላው በኋላ መምጣቱ አያከራክርም። እንዴት እንደመጣ ግን ያከራክራል። ጣሊያናዊው በርሌሴ እ.ኤ.አ. በ1913 ያነሳውንና ትሩማንና ሪዲፎርድ በ1999 ያደሱትን ሐሳብ የማይቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔን ግን ያሳምነኛል። በእነ በርሌሴ አባባል አባጨጓሬ ከእንቁላል ቀድሞ የወጣ ፅንስ ዓይነት ነው። ያ አረፋ ውስጥ እየተጥመለመለ የሚወጣው፣ አፈር ላይ ሽፋኑን ጥሎ ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆየው የኩብኩባ ትል ትዝ ይላችኋል? በቢራቢሮ ዘንድ ያ ዕድሜ ረዝሞ፣ መብላት ጀምሮ፣ ሎሚ ቅጠል ላይ ሳምንታት የሚኖር ሆኗል ይላሉ።