የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ ምንድን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ተጠጋ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከ130 ብር አለፈ። ከለውጡ በኋላ በነበረው ዓመት አንዳንድ ኩባንያዎች ሽያጫቸው አድጎ ሳለ ኪሳራ አስመዝግበዋል። ከሒሳብ መግለጫቸው ውስጥ «የውጭ ምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ» የሚለውን መስመር ያላነበበ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባዋል።

በቁጥር እንየው። አንድ ፋብሪካ ዶላር በ57.50 ብር ሳለ የ1 ሚሊዮን ዶላር ማሽን በዱቤ አስመጣ እንበል። ማሽኑም ዕዳውም መዝገብ ላይ የሰፈሩት በ57.5 ሚሊዮን ብር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ዶላር 130 ብር ገባ፤ ዕዳው ግን ገና አልተከፈለም። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደንብ መሠረት በውጭ ገንዘብ ያለ ዕዳ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብና የባንክ ተቀማጭ በመዝጊያው ቀን ተመን እንደገና ይሰላል። ስለዚህ ዕዳው 130 ሚሊዮን ብር ሆነ፤ የ72.5 ሚሊዮኑ ልዩነትም በቀጥታ ትርፍና ኪሳራው ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ከሥራው 40 ሚሊዮን ብር አትርፎ ከነበረ የታክስ ነገር ሳይነሳ 32.5 ሚሊዮን ብር ከሳሪ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ማሽኑ ገንዘብ ስላልሆነ ዋጋው እንደገና አይሰላም፤ መዝገብ ላይ በ57.5 ሚሊዮኑ ይቆያል፣ የእርጅና ቅናሹም ከዚያው ላይ ይታሰባል። ያንኑ ማሽን ዛሬ ለመግዛት 130 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል፤ መግለጫው ግን የዕዳውን ማበጥ እንጂ የንብረቱን መወደድ አያሳይም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ከእውነቱ የከፋ ይመስላል፤ ቀጣዮቹ ዓመታት ደግሞ የእርጅና ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ከእውነቱ ያማሩ ይመስላሉ።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ መሆኑንና ካዝና የነካ መሆኑን ለመለየት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን መመልከት ይበቃል። ያልተከፈለው ክፍል እዚያ ላይ ተመልሶ ይደመራል። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ኩባንያው በምን ገንዘብ እንደሚሸጥ ነው። ቡና ላኪ ከሆነ ገቢውም በዶላር ስለሆነ ዕዳውን ይሸከመዋል። ምርቱን አገር ውስጥ በብር የሚሸጥ ከሆነ ግን ያ የወረቀት ኪሳራ መክፈያው ቀን ሲደርስ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።

ቀኑም ያሳስታል። ሒሳባቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ ኩባንያዎች የ2016ን መግለጫ ያዘጋጁት በአሮጌው ተመን ነው፤ ለውጡ የመጣው ከ22 ቀን በኋላ ነዋ። ደንቡ ከመዝጊያው በኋላ የመጣን የተመን ለውጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጥር ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ከባድ ከሆነ በማብራሪያው ይገለጻል እንጂ። የፊት ገጹን ትርፍ ብቻ አይቶ ማብራሪያውን ያልገለጠ አክሲዮን ገዢ የሚመጣውን ሳያይ ገዛ ማለት ነው።

ወላጅ ኩባንያው ውጭ አገር ሲሆን ሌላ እርከን ይጨመራል። የኬንያው ሳፋሪኮም ሒሳቡን የሚያቀርበው በሺልንግ፣ የኢትዮጵያው ተቀጥላ የሚሠራው በብር ነው። የሒሳብ ዓመቱ በፈረንጆቹ ማርች 31 ስለሚዘጋ የብሩ መውደቅ ያረፈው በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ላይ ነበር፤ ኩባንያውም ለቡድኑ ትርፍ መቀነስ ይህንኑ በምክንያትነት አቅርቧል። የተቀጥላው የውጭ ገንዘብ ዕዳ ልዩነት እንደ ፋብሪካችን ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል። የተቀጥላውን ሒሳብ ከብር ወደ ሺልንግ ከመቀየር ብቻ የሚመጣው ልዩነት ግን ትርፉን ሳይነካ ካፒታሉ ሥር በተለየ መጠባበቂያ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚደባልቅ አንባቢ አንዱን ኪሳራ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ባለሀብቱ ዘንድ ስሌቱ ቀላል ነው፤ መራራነቱ ግን አይቀንስም። ዋሽንግተን ያለ ሰው 1,000 ዶላር በ57.50 መንዝሮ 57,500 ብር የሚያወጣ የባንክ አክሲዮን ገዛ እንበል። አክሲዮኑና የትርፍ ድርሻው ተደምረው 30 በመቶ አስገኙለት፤ 74,750 ብር ሆነ። በ130 ሲመነዘር 575 ዶላር ነው። በብር 30 በመቶ አተረፈ፣ በዶላር 42.5 በመቶ ከሰረ። ዶላር 130 ብር በገባበት ገበያ ያለኪሳራ ለመውጣት የብሩ ትርፍ 126 በመቶ መሆን ነበረበት፤ 130ን ለ57.50 አካፍሎ አንድ መቀነስ ነው። ሰውዬው ኑሮው ተመልሶ አዲስ አበባ ከሆነ ግን የሚመለከተው የዶላሩ ስሌት ሳይሆን ያ 30 በመቶ ከዋጋ ንረቱ መብለጥ አለመብለጡ ነው።