ዑደት በሌለው ግራፍ ውስጥ ረጅሙን መንገድ ማግኘት

ቀስቶቹ አቅጣጫ ያላቸው፣ በእያንዳንዱ ቀስት ላይም ክብደት የተጻፈበት ግራፍ አለን እንበል። ከአንድ መነሻ ኖድ ተነስተን የክብደቱ ድምር ከሁሉም የሚበልጠውን መንገድ እንፈልጋለን። ግራፉ ዑደት ካለው ጥያቄው በጥቅሉ ኤንፒ-ሃርድ ነው፤ ፈጣን መፍትሔ አልተገኘለትም። ዑደት ከሌለው ግን ነገሩ ባንዴ ይቀልላል። እያንዳንዱን ኖድና ቀስት አንድ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ሚስጥሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቶፖሎጂካል ቅደም ተከተል ኖዶቹን በአንድ መስመር ስንደረድራቸው ሁሉም ቀስቶች ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ኖድ ጋ ስንደርስ ወደ እሱ የሚገቡት ሁሉ ቀድመው ተሠርተዋል። ዋጋው፣ ማለትም እስከ እሱ ያለው ትልቁ ድምር፣ ከዚህ በኋላ አይለወጥም። ክብደቱ ኔጌቲቭ ቢሆንም ችግር የለውም።

ድርደራውን ካን በ1962 ባሳተመው ዘዴ መሥራት ይቻላል። ምንም ቀስት የማይገባበትን ኖድ እናወጣለን፤ ከእሱ የሚወጡትን ቀስቶች እንሰርዛለን፤ ይህንኑ እንደግማለን። የሚወጣ ኖድ ጠፍቶ የቀረ ካለ ግራፉ ውስጥ ዑደት አለ ማለት ነው፤ እዚያው ማቆም ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከሀ ወደ ለ 3፣ ከሀ ወደ ሐ 6፣ ከለ ወደ ሐ 5፣ ከለ ወደ መ 4፣ ከሐ ወደ መ 2፣ ከሠ ወደ ሐ ደግሞ 20 ነው። መነሻችን ሀ ነው። ድርደራው ሀ፣ ሠ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሊሆን ይችላል። ለ 3 ይሆናል። ሐ ከ6 እና ከ3+5 ትልቁን፣ ማለትም 8ን ይይዛል። መ ከ3+4 እና ከ8+2 መርጦ 10 ላይ ያርፋል። ሀ ላይ ቆሞ ትልቁን ቀስት፣ 6ን፣ የመረጠ ሰው ግን መ ሲደርስ ያለው 8 ብቻ ነው።

በኮዱ ውስጥ `order` ድርደራው ነው፤ `d` የእያንዳንዱን ኖድ ዋጋ ይይዛል፤ `NEG` ገና ላልተደረሰበት ኖድ የሚሰጥ በጣም ትንሽ ቁጥር ነው፤ `adj[u]` ከ`u` የሚወጡትን ቀስቶች ከነክብደታቸው ይይዛል፤ `p[v]` ደግሞ ወደ `v` የመጣንበት ኖድ ነው።

```
for u in order:
    if d[u] == NEG: continue
    for v, w in adj[u]:
        if d[u] + w > d[v]:
            d[v] = d[u] + w
            p[v] = u
```

መንገዱን ራሱን ለማየት `p`ን ከመ ወደ ኋላ መከተል ነው፦ መ፣ ሐ፣ ለ፣ ሀ።

አሁን ወደ ሠ እንመለስ። ከሀ ተነስቶ ሠ ጋ የሚደርስ መንገድ የለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። `d`ን በሙሉ በ0 ከጀመርን ሐ 20፣ መ ደግሞ 22 ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ የሌለ መንገድ ይሰጠናል። መነሻው ብቻ 0፣ ሌላው ሁሉ `NEG` መሆን አለበት። `NEG` -1000000000 ሆኖ የ`continue` መስመር ከተረሳም ሌላ ጣጣ አለ። ቀስት የሚገባበት ከሠ ብቻ የሆነ ኖድ ካለና የዚያ ቀስት ክብደት 20 ከሆነ፣ ኖዱ -999999980 ይይዛል። ይህ ከ`NEG` ጋር እኩል ስላልሆነ ኖዱ የተደረሰበት ይመስላል። ውጤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ የምታዩት ያንን መስመር ይሁን።