«የቀኙ ቀኙን፣ የግራው ግራውን»፦ ስለ ልብ ደም ቅዳዎች የሚደጋገም ስህተት

«ልብ ደም ስለሚሞላው ከውስጡ ይመገባል።»

ከውስጥ የሚደርሰው ለስስ የውስጠኛ ሽፋን ብቻ ነው። ጡንቻው የሚኖረው ከአዮርታ ሥር በሚነሡት ሁለት ኮሮናሪ ደም ቅዳዎች ነው።

«የቀኙ ኮሮናሪ የልብን ቀኝ፣ የግራው ደግሞ ግራውን ይመግባል።»

ይህን ከተረኛ ሐኪም አፍ ጭምር መስማት ያሳዝናል፤ ዋጋው ከባድ ነውና። የቀኙ ደም ቅዳ የቀኙን ክፍሎች አጠጥቶ አያበቃም። በአብዛኛው ሰው ወደ ልብ ጀርባ ዞሮ የኋለኛውን ወራጅ ቅርንጫፍ ይሰጣል። ይህ ቅርንጫፍ የሚመግበው በድያፍራም ላይ የተኛውን የግራ ቬንትሪክል የታች ግድግዳና የመሃል ግድግዳውን የኋላ ሲሶ ነው። የኤቪ ኖድ ደምም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ይመጣል። የግራው ደም ቅዳ ለሁለት ይከፈላል፤ ፊተኛው ወራጅ የፊት ግድግዳውን፣ ጫፉንና የመሃል ግድግዳውን የፊት ሁለት እጅ፣ ሰርከምፍሌክስ ደግሞ የጎኑን ይይዛል።

ደረቱን የጨመቀው ሰው መጣ እንበል። ግፊቱ 100/60፣ የልብ ምቱ 48 ነው። በኢሲጂው የST መስመር በII፣ III እና aVF ላይ ከፍ ብሏል፤ III ከII ይበልጣል። የአንገቱ ደም መልስ ተወጥሯል፣ ሳንባው ግን ንጹሕ ነው። «የግራ ታች ግድግዳ ነው» ብሎ ናይትሮግሊሰሪን ከምላሱ ሥር የሚያደርግለት ሐኪም ግፊቱን ሊጥለው ይችላል። የቀኙ ደም ቅዳ ከላይ ሲደፈን የቀኝ ቬንትሪክልም አብሮ ይጎዳል። የደከመው ቀኝ ክፍል ደም ወደ ሳንባ የሚገፋው በደንብ ሲሞላ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ደም መልሶችን አስፍቶ ይህንኑ ሙሌት ይቀንስበታል። ምቱ የዘገየውም ኤቪ ኖድ ደም ስላጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ናይትሮግሊሰሪን ከመስጠት በፊት የV4ን ኤሌክትሮድ ወደ ቀኝ ደረት፣ አምስተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ከአንገት አጥንት መሃል ትይዩ አዛውሩና V4R አንሡ። ST 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ የቀኝ ቬንትሪክል ተጎድቷል። ግፊቱ ከወረደ 250 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሰጥታችሁ ግፊቱንና ሳንባውን እንደገና መርምሩ። ካልተሻሻለ ፈሳሽ ማብዛት የተለጠጠውን ቀኝ ክፍል ይበልጥ ይለጥጠዋል፤ ያኔ ግፊት የሚደግፍ መድኃኒት ያስፈልጋል። የተደፈነውን ቧንቧ ማስከፈቱ ለዚህ ሁሉ አይዘግይ።

«ዶሚናንት የሚባለው ብዙ ጡንቻ የሚመግበው ነው።»

ቃሉ የሚናገረው የኋለኛውን ወራጅ ማን እንደሰጠው ብቻ ነው። ቀኙ ዶሚናንት በሆነበት ሰውም ብዙውን ጡንቻ የሚመግበው ግራው ነው። በጥቂቶች ግን የኋለኛውን ወራጅ የሚሰጠው ሰርከምፍሌክስ ነው፤ ያ ሲደፈን የታች ግድግዳውም ይጎዳል። ያኔ II ከIII ያላነሰ ከፍ ይላል፣ V5 እና V6ም ብዙ ጊዜ አብረው ይነሣሉ።