ተማሪው የት ላይ መለሰው? በተቀዳ ትምህርት ላይ የማቆምና የመመለስ መረጃ

ተማሪ የተቀዳ ትምህርት ሲያይ ያቆማል፣ ወደኋላ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ዘሎ ያልፋል። እነዚህ እርምጃዎች ተመዝግበው ሲደመሩ ክፍሉ የት ላይ እንደተቸገረ ለመገመት ይረዳሉ። ሐዋሳ ውስጥ ትምህርታቸውን በስልክ ቀድተው የሚልኩ መምህራን አሉ። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእነሱ የተጠናቀረ ነው።

ድሮ ይህ አይታሰብም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የምናስታውስ እናውቀዋለን። ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፋል፣ ማቆም የለ፣ መመለስ የለ። አመለጠህ? አመለጠህ።

ነገሩ በደንብ የተጠናው ኢዴክስ ላይ ነው። ኢዴክስ ኤምአይቲና ሃርቫርድ በ2012 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የኦንላይን ትምህርት መድረክ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጁሆ ኪምና ባልደረቦቹ በ4 ኮርሶች ውስጥ ያሉ 862 ቪዲዮዎችን መረመሩ። ብዙ ተማሪ ያቆመበት ወይም የመለሰበት ቦታ በግራፍ ሲሳል ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ከጉብታዎቹ 61 በመቶ ያህሉ የተገኙት ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል በተለወጠበት አካባቢ ነው፤ ለምሳሌ ስላይድ ሲቀየር። ስለዚህ ጉብታ ሁሉ «አልገባኝም» ማለት አይደለም። አንዳንዱ «ስላይዱን ቶሎ አነሳህብኝ» ነው።

መረጃው ራሱ ቀላል ነው። ተማሪው ወደኋላ ሲመልስ ኢዴክስ እንዲህ ያለ ነገር ይመዘግባል፦

```
seek_video  old_time: 470  new_time: 430
```

ከ7:50 ተነስቶ ወደ 7:10 ሄደ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ያረፈበትን ሰከንድ ብቻ ይቆጥራል። ተማሪ ግን በግምት ነው የሚመልሰው፤ ብዙ ጊዜም ከሚፈልገው ቦታ አልፎ ይሄዳል። የሚሻለው በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለውን ክፍል በሙሉ ምልክት ማድረግና የተማሪዎቹ ምልክቶች የሚደራረቡበትን መፈለግ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ የተማሪ ብዛት ነው፣ የንክኪ ብዛት አይደለም። አለዚያ አንድ ተማሪ ሃያ ጊዜ መልሶ ብቻውን ጉብታ ይሠራል።

በምሳሌ እንየው። አንድ የስታቲስቲክስ መምህር ስለ ቫሪያንስ፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበታተኑ፣ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ቀዳ እንበል። 31 ተማሪዎች አዩት። 3:20 ላይ 14ቱ አቆሙ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ቀጠሉ፤ ወደኋላ የመለሰ የለም። እዚያ ቦታ ሰንጠረዥ አለ፣ ለ8 ሰከንድ ብቻ የሚታይ። እየገለበጡ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱ ሰንጠረዡን ማቆየት ወይም ለብቻው መላክ ነው።

ሁለተኛው ጉብታ ሌላ መልክ አለው። 11 ተማሪዎች ወደኋላ መለሱ፣ ከእነሱ 4ቱ ደጋግመው። አንዱ 7:10–7:50፣ ሌላው 7:25–7:55፣ ሦስተኛው 7:20–7:40። ሦስቱ የሚደራረቡት 7:25–7:40 ላይ ነው። መምህሩ እነዚያን 15 ሰከንዶች መልሶ ሲሰማ «ከዚያ ለ `n − 1` እናካፍላለን» ብሎ አልፏል። ለምን እንደሆነ አልተናገረም።

አዲስ ቪዲዮ መቅዳት አያስፈልገውም። ሁለት ደቂቃ መጨመር ይበቃል፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ብሎ ይጽፋል። አማካዩ 6 ነው። ከአማካዩ ያላቸው ልዩነት −4፣ −2፣ 0፣ 2 ድረስ ከታወቀ፣ ድምሩ ዜሮ መሆን ስላለበት የመጨረሻው 4 መሆኑ ግድ ነው። በነጻነት የሚለዋወጡት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የሚካፈለው ለ5 ሳይሆን ለ4፣ ማለትም ለ `n − 1` ነው። ቀጥሎ ስለዚሁ ነጥብ አንድ አጭር ጥያቄ ይሰጣል። ጉብታው ጥርጣሬ ይፈጥራል እንጂ ችግሩን የሚያረጋግጠው የጥያቄው መልስ ነው።

እዚህ አገር ሲመጣ መረጃው የራሱ ጣጣ አለው። ኔትወርክ ሲደክም ተማሪው ቪዲዮው እስኪጭን ብሎ ራሱ ፖዝ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ማቆም ግን ቪዲዮው ላይ የተበታተነ ነው፤ ብዙ ተማሪ አንድ ቦታ ላይ አይገናኝበትም። ቪዲዮው በቴሌግራም ከተላከ ደግሞ መምህሩ የሚያየው የተመልካች ቁጥር ቢሆን ነው፤ የት እንደቆመ የሚነግረው የለም። ዩቲዩብ `Audience retention` የሚል ግራፍ አለው። ተደጋግሞ የታየ ክፍል እዚያ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ አንዳንዴም ከ100 በመቶ ያልፋል። ግን የማን እንደሆነ አይለይም፤ ተመልካቹ ጥቂት ከሆነም ግራፉ ላይወጣ ይችላል።

ዶርም ውስጥ አራት ልጆች በአንድ ስልክ ሲያዩ መዝገቡ አንድ ሰው ነው የሚለው። ተስፋ ቆርጦ የዘጋው ተማሪም ጉብታ አይሠራም። እሱን ለማግኘት ግራፉ ድንገት የወረደበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ ከ7:40 በኋላ 6 ተማሪዎች ጠፍተው ከሆነ፣ እነሱም የ`n − 1` ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ።